ልኩ ሳይጎድል ለዛው የጠፋ ቡና

ከአዲስ አበባ ወደ ውጭ በሚሄድ ሰው ሻንጣ ውስጥ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና አይጠፉም። ቡናው ብዙ ጊዜ የሚላከው ተቆልቶ፣ ተፈጭቶና በላስቲክ ተጠቅልሎ ነው። ተቀባዩ ቅዳሜና እሁድ ጀበና ይጥድ ይሆናል፤ በሥራ ቀን ግን ጊዜ ስለማያገኝ ቡናውን በወረቀት አጥልሎ መጠጣት ይጀምራል። ማጥለያውን፣ ወረቀቱንና ትንሽ የኩሽና ሚዛን ይገዛል። ለ250 ሚሊ ሊትር ውሃ 15 ግራም ቡና ይመዝናል። ይህ ልክ ትክክል ነው፤ ቡና በወረቀት የሚያጠሉ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሆኖም የሚወጣው ቡና ሽታው የደከመ፣ ወረቀት ወረቀት የሚልና አፍ ውስጥ ሲገባ ድፍርስ የሆነ ነው።

በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው የሚያደርገው ቡና መጨመር ነው። 15 ግራም የነበረውን 18፣ ከዚያም 20 ያደርሰዋል። ቡናው ይጠቁራል፣ ይመራል፤ ለዛው ግን አይመለስም። የቡናና የውሃ ልክ ዋና ሥራው መቅጠኑንና መወፈሩን መወሰን ነው። ቡናው ውስጥ የሌለውን መዓዛ ሚዛን አያመጣውም፤ ከወረቀቱ የመጣውን ጣዕምም አያስወግደውም። ስለዚህ ቡናዎ ቀጥኖ ወይም ወፍሮ ከሆነ ልኩን ያስተካክሉ። ሌላ ነገር ከሆነ ግን ልኩን ባለበት ይተዉትና ምክንያቱን ሌላ ቦታ ይፈልጉት።

ምክንያቱን ለማግኘት ደግሞ የጣዕሙን ጉድለት ለይቶ ማወቅ ይቀድማል። ለዛ ያጣ ቡና ማለት አንድ ነገር የጎደለው ነው፤ ሽታው አይጣራም፣ ያ ቀለል ያለ ጎምዘዝ ማለቱም የለም፣ የሚቀረው ሙቀትና ምሬት ብቻ ነው። ወረቀት ወረቀት የሚለው ደግሞ ባዕድ ነገር የተጨመረበት ነው፤ እርጥብ ካርቶን የሚመስል ሽታ አለው፣ በተለይ ቡናው እየቀዘቀዘ ሲሄድ ጎልቶ ይወጣል። ድፍርሱ ቡና ምንም ላይጎድለው ይችላል፤ ጣዕሞቹ ግን ተደበላልቀው አንዱን ከሌላው መለየት ያቅታል፣ ምላስም ላይ ከብዶ ይቀራል። ሦስቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ በአንድ ስኒ ውስጥ መገናኘታቸውም ብርቅ አይደለም።

ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ በምትኖር የአክስቴ ልጅ ቤት ሦስቱንም በአንድ ስኒ አግኝቻቸዋለሁ። ቡናው የይርጋጨፌ ነው፤ ተቆልቶና ተፈጭቶ የመጣላት ከአዲስ አበባ ነው። «እኔ እንደሆነ በሚዛን ነው የማፈላው። ቡናውንም የላከችው እማዬ ናት፤ እሷ መቼም መጥፎ ቡና አትገዛም» አለችኝ። መቼ እንደመጣላት ስጠይቃት፣ «ለገና የመጣ ሰው ነው ያመጣልኝ» አለች። ስንነጋገር ፋሲካ አልፎ ነበር።

ቡናውን ከመንካታችን በፊት ወረቀቱን ለብቻው ፈተሽነው፤ ምክንያቱም ይህ ፍተሻ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው፣ ምንም ወጪም የለውም። ወረቀቶቹ ቡናማዎቹ፣ ማለትም በኬሚካል ያልነጡት ነበሩ። ካርቶናቸው እንደተከፈተ ከቅመሙ ጋር በአንድ መደርደሪያ ተቀምጧል። አንዱን ወረቀት አጥፈን ማጥለያው ላይ አደረግን፤ ቡና ሳንጨምር 150 ሚሊ ሊትር የሚሆን የፈላ ውሃ አፈሰስንበት። ከዚያው ማንቆርቆሪያ ሌላ ስኒ ላይ ውሃውን ብቻ ቀዳን። ሁለቱም ለብ እስኪሉ ጠብቀን መጀመሪያ አሸተትናቸው፣ ቀጥለን ቀመስናቸው። በወረቀቱ ያለፈው ውሃ የረጠበ ካርቶን ሽታ ነበረው፤ ከኋላው ደግሞ ኮረሪማ ኮረሪማ ይላል። ያንኑ ወረቀት ሳናነሳ ውሃውን ደፍተን እንደገና ስናፈስበት ሁለተኛው ውሃ ከማንቆርቆሪያው ውሃ ብዙም አይለይም ነበር። «ይሄን ነው እንግዴ በየቀኑ ከቡናዬ ጋር ስጠጣ የኖርኩት?» አለች።

የቡና ወረቀት እንደ ማንኛውም ወረቀት ከእንጨት ጭረት ነው የሚሠራው። ሜሊታ ቤንትዝ የተባለችው የድሬስደን ከተማ የቤት እመቤት በ1908 የፈጠራ መብቷን ስታስመዘግብ ለሙከራ የተጠቀመችው ከልጇ ደብተር የወሰደችውን ቀለም መምጠጫ ወረቀት ነበር። የዛሬው ወረቀት ለቡና ተብሎ የተሠራ ቢሆንም የፈላ ውሃ ሲነካው ከራሱ የሆነ ጣዕም መልቀቁ አልቀረም። ያልነጣው ቡናማ ወረቀት ከነጩ የበለጠ ይለቃል፤ ወፍራሙም ከስሱ ይበልጣል። ወረቀት ሽታ የሚስብ ነገር ስለሆነ ደግሞ ከሽንኩርት፣ ከበርበሬ ወይም ከሳሙና አጠገብ ካስቀመጡት የጎረቤቱን ሽታ ይዞ ይመጣል። ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ ብቻውን ቢቀመጥ ይሻላል።

ማጠቡ ቀላል ነው። ወረቀቱን ማጥለያው ላይ ካስቀመጡ በኋላ የፈላ ውሃ በዙሪያው እያዞሩ ያፍስሱ፤ መሃሉ ላይ ብቻ ከፈሰሰ ጎንና ጎኑ ሳይታጠብ ይቀራል። ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ለአንድ ስኒ ወረቀት ይበቃል፤ ወፍራም ወረቀት ከሆነ እጥፍ ያድርጉት። ቀዝቃዛ ውሃ ሥራውን በደንብ አይሠራም። ከዚያ ስኒው ውስጥ የወረደውን ውሃ ይድፉት፤ ብዙ ሰው በጥድፊያ ይህን ይረሳና ቡናውን እላዩ ላይ ያጠልለዋል፣ ያኔ ወረቀቱም ይቀምሳል፣ ቡናውም ይቀጥናል። የማጠቡ ሌላው ጥቅም ማጥለያውንና ስኒውን ማሞቁ ነው። ሁለት ጊዜ ታጥቦም ካርቶን ካርቶን የሚል ወረቀት ካለ መፍትሔው መቀየር ነው፤ ነጩን ይሞክሩ።

በታጠበ ወረቀት ስናፈላ የካርቶኑ ሽታ ሄደ። ቡናው ግን አሁንም ሙት ነበር። እንዲያውም የወረቀቱ ሽታ ሲነሳ መዓዛ የሚባል ነገር አለመኖሩ ይበልጥ ታወቀ።

እዚህ ላይ ዓይን ከምላስ ቀድሞ ይፈርዳል። አዲስ የተቆላ ቡና ውስጡ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ይይዛል። 15 ግራም ቡና ላይ መጀመሪያ 40 ሚሊ ሊትር የሚሆን የፈላ ውሃ ብቻ አፍስሰው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቢጠብቁ ጋዙ ሲወጣ ዱቄቱ ተነፍቶ ከፍ ይላል፣ አረፋው ይፍለቀለቃል፣ መዓዛውም ቤቱን ይሞላል። የአክስቴ ልጅ ቡና ላይ ውሃውን ስናፈስ ግን ዱቄቱ አልተነሣም። ውሃው እላዩ ላይ ተንጣሎ ቆመ፤ ጥቂት ትላልቅ አረፋዎች ታዩና ጠፉ። ጋዙ ራሱ ጣዕም ስለሆነ አይደለም ይህ የሚያሳስበው። ጋዙ ሲወጣ መዓዛውም አብሮ ይወጣል፤ በቦታው የሚገባው አየር ደግሞ በቡናው ውስጥ ያለውን ቅባት ያበላሸዋል። ቆይቶ የከረረ ቅቤ የሚመስል ሽታ የሚመጣውም ከዚህ ነው።

ሳይፈጭ ተቆልቶ፣ በደንብ ታሽጎ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ የተቀመጠ ቡና በወረቀት ለማጥለል የሚመቸው ከተቆላ ከአራት አምስት ቀን በኋላ ጀምሮ እስከ አንድ ወር ወይም ትንሽ አለፍ ቢል ነው። ከዚያ በኋላ ይጠጣል፤ ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር እያጣ ይሄዳል። ከተፈጨ ደግሞ ታሪኩ ሌላ ነው። ሲፈጭ አየር የሚነካው ገጽ እጅግ ስለሚበዛ መዓዛው የሚሄደው በሳምንታት ሳይሆን በቀናት፣ ዋነኛው ክፍል እንዲያውም በሰዓታት ውስጥ ነው። መፍጫ ቤት ደጃፍ ላይ የሚያውደን ያ ሽታ ወደ ስኒው የማይደርስ መዓዛ ነው። ከገና እስከ ፋሲካ ተፈጭቶ የተቀመጠ ቡና፣ ያውም ምድጃ አጠገብ ያለ መደርደሪያ ላይ፣ ለዛ ሊኖረው አይችልም፤ የይርጋጨፌም ይሁን የሐረር፣ ውድም ይሁን ርካሽ።

ያረጀ ቡናን መልሶ ማደስ አይቻልም፤ ይህን ሳልለሳልስ መናገር እፈልጋለሁ። አንዳንዱ ሰው የቀዘቀዘውን ቡና ምጣድ ላይ መልሶ ያምሰዋል። ለጊዜው ሽታ ይወጣል፤ የወጣው ግን ተርፎ የነበረው ነው፣ ስኒው ላይ የሚቀረው የቃጠሎ ጣዕም ይሆናል። ልኩን መጨመርም ምሬት ከመጨመር አያልፍም። እንዲህ ያለ ቡና ከወተት ጋር ወይም በጤና አዳም ቢጠጣ ያስኬዳል፤ ለብቻው ግን አይነሣም።

በዱቄት ማበጥ ብቻ ለመፍረድ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ውሃው ካልፈላ አዲስ ቡናም ብዙ አይነሣም። በስሱ የተቆላ ቡናም ጠቁሮ ከተቆላው ያነሰ ነው የሚያብጠው። የፈላ ውሃ ተጠቅመው፣ ዱቄቱም ጨርሶ ሳይነሣ፣ ደረቁን ሲያሸቱትም ሽታው ከደከመ ግን ሦስቱ ምልክቶች ተስማምተዋልና ቡናው አርጅቷል።

ሦስተኛው ችግር፣ ድፍርስነቱ፣ የመጣው ከዚያው ከረጢት ነው፤ ነገር ግን ከዕድሜው ጋር አይያያዝም። ሰዓት ይዘን ስንቆጥር ውሃው ወርዶ ያለቀው ከስድስት ደቂቃ በኋላ ነበር። ለ15 ግራም ቡናና ለ250 ሚሊ ሊትር ውሃ ሁለት ደቂቃ ተኩልና ሦስት ደቂቃ ተኩል መሃል ላይ ማለቅ ነበረበት። ወረቀቱን ስናነሳው የቀረው አተላ እንደ ለሰለሰ ጭቃ ወረቀቱ ላይ ተለጥፏል።

ምክንያቱ ቡናው የተፈጨው ለጀበና መሆኑ ነው። ለጀበና የሚፈጨው ወይም የሚወቀጠው ቡና ልም ነው፤ ለጀበናም ይስማማዋል። ጀበናው ከፈላ በኋላ ዘንበል ብሎ ሲቀመጥ አተላው ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ጠርቶ ይቀዳል። በወረቀት ሲያጠሉ ግን የሚዘቅጥበት ቦታ የለም። ልሙ ዱቄት ከውሃው ጋር ወርዶ የወረቀቱን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ውሃው እየተንፏቀቀ ይወርዳል፤ በዚህ መሃል ከልሙ ዱቄት ምሬቱና ማሰሪያው ሁሉ ተሟጦ ይወጣል። ወረቀቱ አተላውን ስለሚያስቀረው ስኒው ውስጥ የሚታይ ዝቃጭ አይኖርም። ድፍርስነቱ የሚታወቀው በምላስ ነው፤ ምላስን ጨምድዶ የሚይዝ፣ የከበደ፣ መልኩ ያልለየ ጣዕም።

መፍትሔው አፈጫጨቱን ማሻከር ነው። በጣት መሃል ሲያሹት ዱቄት ሳይሆን እንደ ምግብ ጨው ወይም ከዚያ ትንሽ ሸካራ የሆነ ቅንጣት ሊሰማዎት ይገባል። ስለት ያላት ትንሿ የኤሌክትሪክ መፍጫ ግማሹን ቡና ታልመዋለች፣ ግማሹን ክክ አድርጋ ትተወዋለች። ሙቀጫም እንደዚያው ነው። እነዚህ ብቻ ካሉዎት የተፈጨውን በደቃቅ ወንፊት ወይም በሻይ ማጥለያ ነፋ ነፋ አድርገው ልሙን ያውጡና የቀረውን 15 ግራም ይመዝኑ፤ ሚዛኑ ከመንፋቱ በኋላ ነው፣ አለዚያ ልኩ ይጎድላል። የወጣውን ልም መጣል አያስፈልግም፤ ለጀበና ይሆናል። ጥርሱ የሚስተካከል የእጅ መፍጫ መግዛት የሚችል ሰው ግን ለቡና ከሚያወጣው ገንዘብ ሁሉ ቅድሚያውን ለእሱ ቢሰጥ እመክራለሁ።

አፈሳሱም ያግዛል። ውሃውን ከከፍታ እያወረዱ ዱቄቱን ማተራመስ፣ ወይም ቶሎ እንዲወርድ በማንኪያ ማማሰል፣ ልሙን ሁሉ ወደ ወረቀቱ ይነዳዋል። ቀጭን አድርገው፣ ዝቅ አድርገው፣ ቀስ ብለው በዙሪያ ያፍስሱ። መፍጫውንም ይክፈቱና ያሽትቱት፤ ጥርሱ ላይ የተጋገረው አሮጌ ዱቄትና ቅባት አዲሱን ቡና ሁሉ ያረጀ ያስመስለዋል። በደረቅ ብሩሽ በየሳምንቱ ማጽዳት ይበቃል።

የአክስቴ ልጅ በማግስቱ የተቆላበት ቀን የተጻፈበት፣ ያልተፈጨ ቡና ገዝታ እዚያው ሱቅ ውስጥ ለወረቀት ማጥለያ የሚሆን አፈጫጨት አስፈጨች። ልኩን አልነካነውም፤ ያው 15 ግራም፣ ያው 250 ሚሊ ሊትር። ወረቀቱ ታጠበ፣ ዱቄቱ ተነፋ፣ ሦስት ደቂቃ ገደማ ላይ አለቀ። ሽታው ማጥለያው ላይ እያለ ነው ኩሽናውን የሞላው። ለሁለተኛው ግዢ ግን እንዳታስፈጭ ነገርኳት፤ ይህም ከረጢት ቢሆን ተፈጭቶ ሳምንት ሲሞላው መዳከሙ አይቀርም።

ቤታቸው ጥሬ ቡና ቆልተው የሚያፈሉ ደግሞ ሌላ ነገር ይግጠማቸው ይሆናል፤ ቡናው ዛሬ ተቆልቶ፣ ወረቀቱም ታጥቦ፣ ጣዕሙ አሁንም ወረቀት ወረቀት ሊል ይችላል። ያን ጊዜ የሚጠረጠረው ጥሬው ነው። ጥሬ ቡና ከተቆላው በብዙ ይቆያል፤ አንድ የምርት ዘመን አልፎት፣ በተለይ ሞቃትና እርጥበታማ ቦታ ከተቀመጠ ግን አረንጓዴነቱን ለቆ ይገረጣል፣ ጣዕሙም ወደ ገለባ፣ ወደ ጆንያና ወደ ካርቶን ያዘነብላል። ቆላውም፣ አፈጫጨቱም፣ ወረቀቱም ይህን አያስተካክሉትም። እዚህም ፍተሻው ቀላል ነው፤ ያንኑ ቡና ወረቀት በሌለበት በጀበና አፍልተው ይቅመሱ። በጀበናም ካርቶን ካርቶን ካለ ጥፋቱ የቡናው ነው፤ በጀበና ጥሩ ሆኖ በማጥለያው ብቻ ካስቸገረ የወረቀቱ ነው።

ውሃውን በመጨረሻ ይመልከቱ። ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ነጭ ድንጋይ የሚጋግር ውሃ የቡናውን ጎምዛዛነት ስለሚገድለው ቡናው ለዛ ያጣል። ማዕድኑ ጨርሶ የወጣለት የተጣራ ውሃም በተቃራኒው መንገድ እዚያው ያደርሳል። ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ ካልሆነ አንድ ቀን በሌላ የታሸገ ውሃ አፍልተው ያወዳድሩ።

አዲስ አበባ ሆነው በማጥለያ ለሚያፈሉም አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ መመሪያ ውሃው ከፈላ በኋላ ግማሽ ደቂቃ ወይም አንድ ደቂቃ ይቀዝቅዝ ይላል። ይህ በባሕር ጠለል ላይ ላሉ ከተሞች የተጻፈ ነው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግን ከከፍታው የተነሣ ከ92 ዲግሪ ብዙም ሳይርቅ ይፈላል። እሱን ደግሞ ካቀዘቀዙት፣ በተለይ በስሱ የተቆላ ቡና ላይ፣ ሳይወጣ የሚቀረው ጣዕም ብዙ ነው። እንደፈላ ያፍስሱት።

ስትፈትሹ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ወረቀቱን፣ ቡናውንና አፈጫጨቱን በአንድ ጠዋት ከለወጣችሁ ቡናው ይጣፍጣል፤ የትኛው እንዳዳነው ግን አታውቁም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሲበላሽ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ከርካሹ ጀምሩ፤ መጀመሪያ ወረቀቱ፣ ቀጥሎ ቡናው፣ ከዚያ አፈጫጨቱ፣ በመጨረሻ ውሃው።

ከአገር ቤት ቡና ለምትልኩ እናቶች፣ እህቶችና ጓደኞችም ልመናዬ ይኸው ነው፦ እባካችሁ አስፈጭታችሁ አትላኩ። የሚቆላበት ካለው የዘንድሮውን ጥሬ ላኩለት። ካልሆነም ሳይፈጭ ተቆልቶ፣ በደንብ ታሽጎ፣ የተቆላበት ቀን በእስክሪብቶ ተጽፎበት ይሂድ።